ነገ ጠዋት ለ420 ሠራተኛ ስለ ኮሌራ ማስታወቂያ ልለጥፍ ነው፤ ረቂቁን እዩልኝ

ገነት_የሰውሀብት · ማክሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ከአዲስ አበባ ወጣ ባለ ከተማ በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። 420 ሠራተኛ አለን፤ አብዛኞቹ ገና 20ዎቹን የጀመሩ ሴቶች ናቸው። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ባለፈው ሳምንት በከተማው ኮሌራ መግባቱን አሳውቋል። ዛሬ ቀትር ላይ ደግሞ ከእኛው ቆራጭ ክፍል አንድ ሰው በከባድ ተቅማጥና ትውከት ጤና ጣቢያ ገብቷል። ፈጣን ምርመራው ኮሌራ ነው ብሏል፣ የላቦራቶሪው ውጤት ግን ገና ነው። ታማሚው ደህና ነው፣ ጉሉኮስ ተተክሎለታል።

ችግሬ ይኼ ነው። የሠራተኞቹ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ማታውኑ «ሦስት ሰው ሞቷል» ተብሏል። የታማሚው ስምና የትውልድ ቦታ ሳይቀር ተለጥፏል። ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ሥራ ሳይጀመር አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ያዘጋጀሁት ይህን ነው፦

«ለመላው ሠራተኞች፦ አደገኛና ገዳይ የሆነው የኮሌራ ወረርሽኝ ወደ ድርጅታችን የገባ በመሆኑ ማንኛውም ሠራተኛ ከፍተኛ ጥንቃቄ እንዲያደርግ በጥብቅ እናሳስባለን። ምልክቱ የታየበት ሠራተኛ ወዲያውኑ ለቅርብ አለቃው እንዲያሳውቅ፣ የሕክምና ማስረጃ ሳያቀርብ በሚቀር ሠራተኛ ላይ ግን በሕጉ መሠረት እርምጃ የሚወሰድ መሆኑን እንገልጻለን።»

ምን ላስተካክል? ሥራ አስኪያጁ «አጭር ይሁን» ብሎኛል።

አዲሱ_ሎጂስቲክስ · ማክሰኞ ማታ 2፡31

ጥሩ ነው፣ ጠንከር ያለ መሆኑ ራሱ ይጠቅማል። እኛ በኮቪድ ጊዜ ያደረግነውን አድርጉ። በር ላይ ጥበቃዎቹ ሙቀት ይለኩ፣ ሁሉም ማስክ ያድርግ፣ ሳኒታይዘር በየመስመሩ ይቀመጥ። ነርሳችሁ ደግሞ ለሁሉም ዶክሲሳይክሊን ብትሰጥ ከሥሩ ይቆማል። ኮሌራ ባክቴሪያ ነው፣ አንቲባዮቲክ ይገድለዋል። እጅ መታጠብ ላይ ግን አደራ፣ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ሰሚራ_ጤና_መኮንን · ማክሰኞ ማታ 2፡58

ገነት እህቴ፣ ጤና መኮንን ነኝ። ሁለት ጊዜ የኮሌራ ሕክምና ማዕከል ውስጥ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ አዲሱ ወንድሜ ስላለው ልናገር፣ ነገ ጠዋት በር ላይ ሙቀት መለኪያ ይዛችሁ እንዳትቆሙ።

ኮሌራ አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳት የለውም። በሙቀት መለኪያ ብትፈልጉት ታማሚው ያልፋችኋል፣ የቀረውም ሰው «ተለክቻለሁ፣ ደህና ነኝ» ይላል። በትንፋሽ ስለማይተላለፍ ማስክ አይረዳም። ባክቴሪያው ከሰው የሚወጣው በሰገራ ነው፣ ወደ ሰው የሚገባው ደግሞ በውሃ፣ በምግብና ባልታጠበ እጅ። ሳኒታይዘር በቆሸሸ እጅ ላይ ብዙም አይሠራም፤ ሳሙናና ውሃ ይሻላል። ለጤነኛ ሰው ሁሉ ዶክሲሳይክሊን ማደል ደግሞ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ማድረግ ነው። ታማሚውን የሚያድነው በዋናነት የፈሳሽ መተካት ነው። አንቲባዮቲኩን ማን እንደሚያስፈልገው ሐኪሙ ይወስናል። እጅ መታጠቡ ላይ ግን ልክ ነህ አዲሱ።

አሁን ወደ ረቂቅሽ። «ወደ ድርጅታችን የገባ» ብለሽ ጽፈሻል። ግን ይህን አታውቂም። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ከመኖሪያ ሰፈር ይዘውት ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱ ከተበከለው ነገር በኋላ በጥቂት ሰዓታትም በ5 ቀንም ሊመጣ ይችላል። የፋብሪካው ውሃ እስኪመረመር ድረስ የምታውቂው አንድ ሰው መታመሙን ብቻ ነው። እሱን ብቻ ጻፊ። «አደገኛና ገዳይ» የሚለውም ይውጣ። አትሳሳቺኝ፣ ሳይታከም ከቀረ ኮሌራ በአንድ ቀን ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል። ቶሎ ከታከመ ግን ከ100 ሰው አንድ እንኳን አይሞትም። ሁለቱን አንድ ላይ ስትነግሪያቸው ቶሎ መሄድ እንዳለባቸው ይገባቸዋል። «ገዳይ» ብቻ ካልሻቸው ሻንጣቸውን ይዘው ወደ አገራቸው አውቶብስ ይሳፈራሉ። በሽታውም አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ ምክንያቱም አብዛኛው የተያዘ ሰው ጭራሽ አያመውም፣ ግን ለቀናት በሰገራው ያስወጣዋል።

«ከፍተኛ ጥንቃቄ» ማለት ደግሞ ለማንም ምንም አይነግርም። ምን ይጠጣ? የት ይታጠብ? ማንን ይጥራ? እሱን ንገሪያቸው። የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው?

ገነት_የሰውሀብት · ማክሰኞ ማታ 3፡07

የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። በቀረው ጊዜ ቦቴ ይመጣና 10 ሺህ ሊትር የሚይዘው ሮቶ ይሞላል። ካንቲኑም፣ መጸዳጃውም፣ የሚጠጣውም ከዚያው ነው።

መስመር_4 · ማክሰኞ ማታ 3፡20

እኔ የሰው ሀብትም ሐኪምም አይደለሁም፣ ኦፕሬተር ነኝ፤ ከእናንተ ፋብሪካ አይደለሁም። ግን ስለዚህ ነገር ዝም ማለት አልቻልኩም።

ባለፈው ዓመት አተት ገባ ሲባል የእኛም ፋብሪካ እንደዚህ ያለ ወረቀት ለጠፈ። ለአለቃችሁ አሳውቁ ይላል። አለቃችን ወንድ ነው። መጸዳጃ ቤት የምንሄደው በካርድ ነው፣ ለ30 ሰው ሁለት ካርድ አለ። እኔ ሆዴን ያዘኝ። ለ30 ሰው በሚሰማ ድምፅ ተቅማጥ ይዞኛል ልበለው? አልልም። ደግሞ አንድ ቀን ከቀረሁ የመገኘት ቦነሱ የወሩ ሙሉ ይቀራል። እሱ ገንዘብ የቤት ኪራይ ድርሻዬ ነው። አራት ሆነን ነው አንድ ክፍል የምንኖረው። ስለዚህ ሎሚ በጨው ጠጥቼ ሥራ ገባሁ። ሦስት ቀን እንደዚያ ሠራሁ። ኮሌራ ይሁን አይሁን እስከዛሬ አላውቅም። ግን የጠጣሁበትን ጣሳ ሌላ ሰው ጠጥቶበታል፣ ያንን ሳስበው አሁንም ያመኛል።

ወረቀቱን አንብቤው ነበር። በደንብ አንብቤዋለሁ። «እርምጃ ይወሰዳል» የሚለውን ነው የያዝኩት።

ሰሚራ_ጤና_መኮንን · ማክሰኞ ማታ 3፡34

መስመር 4፣ ስለጻፍሽው አመሰግናለሁ። ገነት፣ ማስታወቂያሽ የሚሠራውም የማይሠራውም እዚህ ጋ ነው። ስለ እጅ መታጠብ አሥር መስመር ብትጽፊ የታመመ ሰው ደመወዜ ይቆረጣል ብሎ ከገባ ሁሉም ከንቱ ነው። የፈቃዱን ነገር ከላይ አድርጊው።

ለአለቃ የሚለው ይቅር። የነርሷ ስልክ ይጻፍ፤ ደውሎ መናገር ይቻላል፣ ሚስኮል ማድረግም ይበቃል። የመጸዳጃ ካርድ ካላችሁ ከነገ ጀምሮ ይነሳ።

አቶ_ደምሴ_ማኅበር · ማክሰኞ ማታ 3፡52

የሠራተኛ ማኅበር ሊቀመንበር ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ፈቃዱ ሕጉ ምን ይላል የሚለውን ላስቀምጥላችሁ። አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 85 እና 86 ነው። የታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ሁለት ወር ግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ኮሌራ በቶሎ ከታከመ የቀናት ጉዳይ ስለሆነ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በሙሉ ደመወዙ ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ሠራተኛው የቀረ እንደሆነ በማግስቱ ማሳወቅ አለበት፣ ማሳወቅ ካልቻለ በቀር። የሕክምና ማስረጃም ማቅረብ አለበት። የኔ ልጅ፣ ማስረጃ መጠየቅሽ ሕገወጥ አይደለም። ግን ወረርሽኝ ባለበት ጤና ጣቢያ ላይ ሦስት መቶ ሰው ለወረቀት ብላችሁ ብትልኩ ጤነኛውን ከታማሚው ጋር ማሰለፍ ነው። አሠሪው በራሱ ፈቃድ ለጥቂት ቀናት ወረቀት አልጠይቅም ማለት ይችላል፣ የሚከለክለው የለም።

ኪዳን_27 · ማክሰኞ ማታ 4፡01

አቶ ደምሴ፣ 45 ቀን ያልሞላው ሠራተኛ ግን የሕመም ፈቃድ የለውም አይደል? የሙከራ ጊዜ ላይ ያለ። ገነት እሱንም በማስታወቂያው ላይ ብትገልጸው ሰው እንዳይሳሳት።

አቶ_ደምሴ_ማኅበር · ማክሰኞ ማታ 4፡10

45 ቀኑ የድሮው አዋጅ ነው። አሁን የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። የሕመም ፈቃዱ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ነው የሚለው ግን ትክክል ነው፣ ሕጉ እንደዚያ ይላል።

ነገር ግን ይህን ማስታወቂያው ላይ አትጻፊው። ገና የተቀጠሩት ልጆች ናቸው በጣም የሚፈሩት። አንድ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው የሚኖሩትም እነሱ ናቸው። «እናንተ መብት የላችሁም» ስትያቸው ታምመው ይገባሉ። ሥራ አስኪያጁን ለእነሱም እንዲፈቅድ አሳምኝው። ስንት ናቸው?

ገነት_የሰውሀብት · ማክሰኞ ማታ 4፡14

60 የሚጠጉ። አሁኑኑ እደውልለታለሁ።

ሐና_ዱባይ · ማክሰኞ ማታ 4፡22

ሰላም፣ እኔ ለሥራ ከሄድኩ ሁለት ዓመቴ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለእረፍት አገር ቤት ልገባ ነበር። ከኢትዮጵያ ስመለስ የኮሌራ ክትባት ወረቀት ይጠይቁኛል? ፈቃዴን ልሰርዝ?

ሰሚራ_ጤና_መኮንን · ማክሰኞ ማታ 4፡29

ሐና እህቴ፣ ይህ ክር ስለ ፋብሪካ ማስታወቂያ ነው፣ ግን አትጨነቂ። በዓለም አቀፍ የጤና ደንብ መሠረት አገሮች ለመግቢያ የሚጠይቁት በዋናነት የቢጫ ወባ ወረቀት ነው። ከመሳፈርሽ በፊት ግን አየር መንገድሽን ጠይቂ። ፈቃድሽን ለመሰረዝ ምክንያት አይደለም። ውሃሽን አፍልተሽ ጠጪ።

ገነት፣ ስለ ሮቶው። ባዶ ሲሆን ይታጠብ፣ ከዚያ ቦቴው በመጣ ቁጥር ክሎሪን ይጨመርበት። 70 በመቶ የሚለውን የክሎሪን ዱቄት ካገኛችሁ ለ10 ሺህ ሊትር 30 ግራም ገደማ ነው፣ በባልዲ ውሃ በጥብጣችሁ ነው የምትጨምሩት። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ከቧንቧው ላይ ይለካ። በሊትር 0.5 ሚሊግራም ክሎሪን ካሳየ ጥሩ ነው። ካላሳየ ቦቴው ያመጣው ውሃ ቆሻሻ ነው ወይም ሮቶው በደንብ አልታጠበም። መለኪያው ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት አለ፣ ነገ ይዘው እንዲመጡ ደውይ። እስኪለካ ድረስ ማንም ከቧንቧው አይጠጣ፣ የታሸገ ውሃ ግዙ። ለቤታቸው ደግሞ ውሃ አጋር ማደል ትችላላችሁ፣ በ20 ሊትር ጀሪካን አንድ ክዳን፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይጠጣል።

አዲሱ_ሎጂስቲክስ · ማክሰኞ ማታ 4፡40

ስለ ትኩሳቱ አላውቅም ነበር፣ ይቅርታ። ሳሙና ግን በእኛ ቤት ባስቀመጥን በሁለት ሰዓት ይጠፋል። ላርጎ በሃይላንድ በጥብጠን ክዳኑን በስተን በሽቦ ከቧንቧው ጋር አሰርነው፣ አንድም አልጠፋም። እሱን ሞክሩት።

ገነት_የሰውሀብት · ማክሰኞ ማታ 5፡18

ሥራ አስኪያጁ ጋር ግማሽ ሰዓት አወራን። አዲስ ተቀጣሪዎቹን ጨምሮ ሦስት ቀን ያለ ወረቀት ተስማማ። የመገኘት ቦነሱን ለዚህ ወር ብቻ አይነካም ብሏል፣ «ከዚያ በኋላ እናያለን» አለ። ከዚያ በላይ አልገፋሁትም። እንደገና የጻፍኩት ይኸው፦

«ለሥራ ባልደረቦቻችን፦

ትናንት ቀትር ላይ አንድ የሥራ ባልደረባችን በከባድ ተቅማጥና ትውከት ታመው ጤና ጣቢያ ገብተዋል። ሕክምና እያገኙ ነው፣ ተሽሏቸዋል። የመጀመሪያው ምርመራ ኮሌራ መሆኑን ያመለክታል። የላቦራቶሪ ማረጋገጫው ሲደርሰን እንነግራችኋለን። ከፋብሪካችን የሞተ ሰው የለም። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ሌላ የታመመ ሰው መኖሩን አልሰማንም።

ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛችሁ ወደ ሥራ አትምጡ። ለነርሷ ደውሉ ወይም ሚስኮል አድርጉ፣ መልሳ ትደውላለች። ለመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት የሐኪም ወረቀት አንጠይቅም። ደመወዝ አይቆረጥም፣ የዚህ ወር የመገኘት ቦነስም አይቀርም። ይህ ለአዲስ ተቀጣሪዎችም ይሠራል። ሥራ ላይ ሳላችሁ ከያዛችሁ ሳታስፈቅዱ መጸዳጃ ሂዱ፣ ከዚያ ወደ ነርሷ። መኪና ተዘጋጅቷል።

ተቅማጡ እንደ ውሃ ከሆነና ከበዛ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በመንገድም ኦአርኤስ እየጠጣችሁ ሂዱ፣ አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡት። ቶሎ የታከመ ሰው ይድናል።

ኮሌራ በውሃ፣ በምግብና ባልታጠበ እጅ እንጂ በትንፋሽ ወይም አጠገብ በመቀመጥ አይተላለፍም። የሮቶው ውሃ ተመርምሮ ውጤቱ እስኪነገራችሁ ድረስ ከቧንቧ አትጠጡ፣ በየክፍሉ የታሸገ ውሃ አለ። ካንቲኑ ትኩስ የበሰለ ምግብ ብቻ ያቀርባል፣ ሰላጣ ለጊዜው የለም። የታመሙትን ሰው ስም አትለጥፉ፣ አትጠይቁ።

ቀጣዩ መረጃ ነገ ጠዋት በዚሁ ሰዓት ይነገራል፣ አዲስ ነገር ባይኖርም።»

ሰሚራ_ጤና_መኮንን · ማክሰኞ ማታ 5፡33

ይህ ሌላ ነገር ነው። «ታመው» ብለሽ በአክብሮት መጻፍሽ ደስ አለኝ፣ ወንድ ይሁኑ ሴት አይታወቅም። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ሲሻላቸው መቼ ይመለሱ የሚለው የለም። ተቅማጡ ከቆመ 2 ቀን ሙሉ ያልፍ። የካንቲን ሠራተኞች ግን በራሳቸው አይመለሱ፣ ጤና ጣቢያው ይወስንላቸው። ቤቱ ታማሚ ያለበት የካንቲን ሠራተኛም ባይታመምም ለ5 ቀን ከምግብ ይራቅ፣ ሌላ ሥራ ስጡት። ሌላው ሠራተኛ ግን ቤቱ ታማሚ ስላለ ብቻ ከሥራ መቅረት የለበትም፣ ራሱን ይከታተል።

ስታነቢው ደግሞ ቀስ ብለሽ አንብቢ። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ብቻ እንዳይቀር፣ ማንበብ የማይችሉም አሉ።

መስመር_4 · ማክሰኞ ማታ 5፡41

በወላይትኛና በኦሮምኛም ይነበብ። የእኛዎቹ ግማሾቹ ከደቡብ ናቸው፣ አማርኛው ሲፈጥን ያልፋቸዋል። ከልጆቹ መሃል የሚሰሙትን ሰው ጠይቂ፣ አለቃ ባይሆን ይሻላል።

ቄስ_ልጅ · ማክሰኞ ማታ 5፡50

እኛ ጋ ደግሞ ማስታወቂያው «ጸበል መሄድ ክልክል ነው» ብሎ ነበር፣ ሠራተኛው ሁሉ ተቆጣ። በ2015 ቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል አካባቢ ኮሌራ ገብቶ ብዙ ሰው መታመሙ እውነት ነው። ግን ያ የሆነው ብዙ ሰው በአንድ ቦታ ያለ በቂ መጸዳጃና ንጹሕ ውሃ ስለተሰበሰበ ነው። ጸበሉን የነካ ሲመስል ሰው ጆሮውን ይዘጋል። ለፈቃድ የሚመጣ ሰው ካለ የሚጠጣ ውሃና ሳሙና ይዞ እንዲሄድ፣ ሲመለስም ለ5 ቀን ሆዱን እንዲከታተል ንገሩት።

ገነት_የሰውሀብት · ረቡዕ ማታ 1፡50

አነበብነው። በሦስት ቋንቋ፣ እያንዳንዱ ስድስት ደቂቃ ያህል ወሰደ። በጣም ጸጥ ብለው ነው የሰሙት። ስለ ቦነሱ ሲነበብ ግን ከኋላ አንዷ «እውነት ነው?» ብላ ጮኸች፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ መለሰላት።

እስከ ማታ ዘጠኝ ሰው ለነርሷ ደውሏል። ስድስቱ ቀላል የሆድ ሕመም ነው፣ ቤታቸው ናቸው። ሁለቱ ጤና ጣቢያ ታይተው ኦአርኤስ ተሰጥቷቸው ተመልሰዋል። አንዷ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ተቅማጥ ይዟት ነበር፣ ትናንት ሙሉ ቀን ሠርታለች። አሁን ተኝታ እየታከመች ነው፣ ተሽሏታል። ስትደውል መጀመሪያ የጠየቀችው ነርሷን «ስሜን ለአለቃዬ ትነግሪያለሽ?» ብላ ነው።

ሮቶው ሲለካ ክሎሪን ዜሮ ነበር። ነገ ይታጠባል። ያንንም ነገ ጠዋት እንነግራቸዋለን ብዬ ነበር፣ ሥራ አስኪያጁ ግን ከታጠበ በኋላ ይሁን አለኝ።

ሰሚራ_ጤና_መኮንን · ረቡዕ ማታ 2፡05

አሁኑኑ ንገሪያቸው። «ተመርምሮ ውጤቱ ይነገራችኋል» ብለሽ ጽፈሻል። ዜሮ መሆኑ ውሃው ኮሌራ አለው ማለት አይደለም፣ መከላከያ የለውም ማለት ነው፤ እንደዚያው ብለሽ ጻፊው። ከሌላ ከሰሙት ነገ የምትይውን ሁሉ አያምኑሽም።

ገነት_የሰውሀብት · ረቡዕ ማታ 2፡11

እሺ፣ ዛሬውኑ በግሩፑ ላይ እልካለሁ፣ ሥራ አስኪያጁን እኔ አስረዳዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አልተፈታም። ጽዳቶቹና ጥበቃዎቹ የእኛ አይደሉም፣ በኤጀንሲ ነው የመጡት። 22 ናቸው። መጸዳጃውን የሚያጸዱት እነሱ ናቸው፣ ሦስት ቀኑ ግን እነሱን አይመለከትም። ኤጀንሲው «ያልሠራ አይከፈለውም» ብሏል። አቶ ደምሴ፣ ሕጉ እዚህ ጋ ምን ይላል?

አቶ_ደምሴ_ማኅበር · ረቡዕ ማታ 2፡26

አሠሪያቸው ኤጀንሲው ነው፣ የሕመም ፈቃዱን መክፈል ያለበትም እሱ ነው፤ አዋጁ ለእነሱም ይሠራል። የሙከራ ጊዜያቸውን የጨረሱ ከሆነ ያልሠራ አይከፈለውም ማለት አይችልም። ግን ክርክሩ ወራት ይፈጃል፣ ኮሌራው ደግሞ አሁን ነው ያለው። ከኤጀንሲው ጋር ያላችሁን ውል አውጪና እይው። እስከዚያ የሦስት ቀኑን ክፍያ ፋብሪካው ይሸፍን እንደሆነ ሥራ አስኪያጁን ጠይቂው። ለ22 ሰው ነው። ከዚያ በፊት ግን ነገ ጠዋት ጓንትና ቦት ጫማ፣ በረኪናም ይሰጣቸው፤ እሱን የማንንም ፈቃድ ሳትጠብቂ ማድረግ ትችያለሽ።

መስመር_4 · ረቡዕ ማታ 2：40

የነርሷን ስልክም ስጪያቸው። ለእነሱ ማንም አይሰጣቸውም።